እኩል መክፈል፣ በመቶኛ መክፈል ወይስ እንደ አቅም መክፈል? የትኛው ግብር ፍትሐዊ እንደሆነ እንዴት እንለይ

ደሴ ላይ አንድ ሰፈር ኮብልስቶን ሊያስነጥፍ ሲሰበሰብ ክርክሩ የሚጦፈው ገንዘቡ እንዴት ይከፋፈል የሚለው ላይ ሲደርስ ነው። አንዱ «ሁሉም ቤት እኩል ያዋጣ» ይላል። ሌላው «ያለው ይጨምር፣ የሌለው ይቀነስለት» ይላል። ሦስተኛው ደግሞ «መንገዱን የሚጠቀምበት መኪና ያለው ነው፤ እሱ ይክፈል» ብሎ ይነሳል። የሰፈር መዋጮ በአዋጅ የሚጣል ግብር አይደለም። ያም ሆኖ ስለ ደመወዝ ግብርና ስለ ቫት የሚነሳው ትልቁ ክርክር ከእነዚህ ሦስት ሰዎች ንግግር የራቀ አይደለም። ስለዚህ ከሰፈሩ እንጀምርና ወደ አገሩ ግብር እንሂድ።

አንድ መንገድ፣ ሦስት አከፋፈል

20 ቤት ያለበት ሰፈር እንውሰድ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ መርጫቸዋለሁ። 14ቱ ቤቶች በወር 5,000 ብር ያገኛሉ፤ አብዛኞቹ ኮምቦልቻ ፋብሪካ እየወረዱ የሚሠሩ ወይም ጉልት የሚቸረችሩ ናቸው። 5ቱ ቤቶች 12,000 ብር ያገኛሉ። አንዱ ቤት 30,000 ብር ያገኛል። የሁሉም ገቢ ሲደመር 160,000 ብር ነው። ለመንገዱ በየወሩ 8,000 ብር መሰብሰብ አለበት።

የመጀመሪያው አማራጭ እኩል ማዋጣት ነው። 8,000 ለ20 ሲካፈል ለእያንዳንዱ ቤት 400 ብር ይደርሰዋል። ስሌቱ ቀላል ነው፣ ማንም የማንንም ገቢ አይጠይቅም። ነገር ግን 400 ብር 5,000 ከሚያገኘው ቤት ላይ 8 በመቶ ሲወስድ 12,000 ከሚያገኘው ላይ 3.3 በመቶ፣ 30,000 ከሚያገኘው ላይ ደግሞ 1.3 በመቶ ብቻ ይወስዳል። ገቢ እያደገ ሲሄድ ከገቢው ላይ የሚወሰደው ድርሻ እያነሰ የሚሄድ ከሆነ ያ አከፋፈል ሪግረሲቭ ይባላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሪግረሲቭ ለመባል ሀብታሙ በብር ከድሃው ያነሰ መክፈሉ ግድ አይደለም። እዚህ ሁለቱም 400 ነው የሚከፍሉት። ሀብታሙ በብር የበለጠ እየከፈለም ግብሩ ሪግረሲቭ ሊሆን ይችላል፤ ቫት ላይ ስንደርስ ይህንን እናየዋለን።

ሁለተኛው አማራጭ ሁሉም ከገቢው ተመሳሳይ መቶኛ ማዋጣቱ ነው። 8,000 ከ160,000 ውስጥ 5 በመቶ ነው። ስለዚህ 5,000 የሚያገኘው 250 ብር፣ 12,000 የሚያገኘው 600፣ 30,000 የሚያገኘው 1,500 ብር ያዋጣል። ይህ ተመጣጣኝ አከፋፈል ነው፤ የድሮው አሥራት፣ ከምርት አንድ አሥረኛ፣ የዚህ ዓይነት ነበር።

ሦስተኛው አማራጭ ለሁሉም ቤት የመጀመሪያውን 3,000 ብር ከመዋጮ ነፃ ማድረግና ከዚያ በላይ ባለው ገቢ ላይ ብቻ መቶኛ መጣል ነው። ከ3,000 በላይ ያለው ገቢ የ14ቱ ቤቶች 28,000፣ የ5ቱ 45,000፣ የአንዱ 27,000 ሲሆን ድምሩ 100,000 ብር ይሆናል። 8,000 ብር ለማግኘት በዚህ ላይ 8 በመቶ ይጣላል። ውጤቱ፣ 5,000 የሚያገኘው 160 ብር፣ 12,000 የሚያገኘው 720፣ 30,000 የሚያገኘው 2,160 ብር ይከፍላል። ከጠቅላላ ገቢያቸው ሲሰላ 3.2 በመቶ፣ 6 በመቶ እና 7.2 በመቶ መሆኑ ነው። ድርሻው ከገቢ ጋር አብሮ ስለሚያድግ ይህ ፕሮግረሲቭ ነው።

ሦስተኛውን ደግሜ እንድታዩት እፈልጋለሁ። በወረቀቱ ላይ ያለው ማስከፈያ ልክ አንድ ብቻ ነው፣ 8 በመቶ። ለሀብታሙ የተለየ ከፍ ያለ ልክ አልተቀመጠም። አከፋፈሉን ፕሮግረሲቭ ያደረገው ከታች የተተወው 3,000 ብር ነው። ሰዎች ስለ ግብር ፍትሐዊነት ሲከራከሩ ዓይናቸውን ከላይኛው ልክ ላይ ይተክላሉ፤ ሀብታም 35 ይክፈል ወይስ 40 ይላሉ። እኔ ግን ለብዙው ሰው ኑሮ የሚወስነው ከታች ያለው ነፃ መነሻ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክንያቱን በአገራችን የደመወዝ ግብር ላይ እናገኘዋለን።

የደመወዝ ግብር፦ እርከኑ ሲቆምና ዋጋ ሲሮጥ

በ2008 ዓ.ም የወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከግብር ነፃ ያደረገው የወር ደመወዝ 600 ብር ነበር። ከዚያ በላይ ከ10 በመቶ ጀምሮ እርከን በእርከን እየወጣ ከ10,900 ብር በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ይደርስ ነበር። ከዚያ በፊት ነፃው መነሻ 150 ብር ነበርና በወቅቱ 600 መሆኑ ትልቅ እፎይታ ነበር። ችግሩ እርከኑ እስከ 2017 ዓ.ም ድረስ ከነበረበት ሳይንቀሳቀስ መቆየቱ ነው። በእነዚያ ዓመታት የእህሉም የኪራዩም ዋጋ ብዙ እጥፍ ጨመረ፤ ደመወዝም በብር ቁጥር ትንሽ ትንሽ ወደ ላይ ወጣ። የሠራተኛው እውነተኛ አቅም ሳይጨምር ቁጥሩ ብቻ ወደ ላይኛው እርከን ገፋው። በዚያ እርከን የመጨረሻ ዓመታት 2,000 ብር የሚከፈላት የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ሰፊ በየወሩ 157 ብር ከ50 ሳንቲም ለግብር ይቆረጥባት ነበር። 10,900 ብር ደግሞ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ቀደም ብሎ የትልቅ ኃላፊ ደመወዝ የነበረ ሲሆን በኋላ ላይ ከወር እስከ ወር ለመድረስ የሚቸገር ቤተሰብ ገቢ ሆነ። እሱም ከዚያ በላይ በሚያገኘው ሁሉ ላይ ከባንክ ፕሬዚዳንት ጋር እኩል 35 በመቶ ይከፍል ነበር። አንድም የአዋጁ አንቀጽ ሳይነካ ፕሮግረሲቭ የነበረው ግብር ወደ ተመጣጣኝነት ተጠጋ ማለት ነው።

በሐምሌ 2017 ዓ.ም የጸደቀው ማሻሻያ ነፃውን መነሻ ወደ 2,000 ብር አሳደገው። አሁን እስከ 4,000 ባለው ላይ 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ባለው 20፣ እስከ 10,000 ባለው 25፣ እስከ 14,000 ባለው 30፣ ከ14,000 በላይ ባለው ላይ 35 በመቶ ነው። በዚህ መሠረት 5,000 ብር የሚከፈለው ሰው ስሌቱ እንዲህ ይሆናል። የመጀመሪያው 2,000 ነፃ ነው፤ በሁለተኛው 2,000 ላይ 15 በመቶ 300 ብር ይመጣል፤ በቀረው 1,000 ላይ 20 በመቶ 200 ብር ይመጣል። ድምሩ 500 ብር፣ ማለትም የደመወዙ 10 በመቶ ነው። 30,000 ብር የሚከፈለው በተመሳሳይ መንገድ ሲሰላ 8,450 ብር ይከፍላል፤ ይህም 28 በመቶ ገደማ ነው። ሁለቱም ጋ በላይኛው እርከን ያለው መቶኛና በእርግጥ የሚከፈለው ድርሻ እንደሚለያዩ ልብ በሉ።

ይህ ልዩነት ስላልገባቸው «ደመወዝ ቢጨመርልኝ ግብሩ ይበላኛል» እያሉ ጭማሪ የሚፈሩ ሰዎች አጋጥመውኛል። 14,000 ብር የሚከፈለው ሰው 500 ብር ቢጨመርለት 35 በመቶው የሚነካው አዲሱን 500 ብቻ ነው፣ 175 ብር። 325 ብሩ ወደ ቤቱ ይገባል። በታችኛው እርከን ላይ የተቆረጠበት አይለወጥም። የደመወዝ ግብር ከሆነ ጭማሪ የተጣራ ደመወዝን የሚቀንስበት መንገድ የለም።

ወደ ፍትሕ ጥያቄው ስንመለስ፣ ማሻሻያው ማንን ጠቀመ? 2,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ በፊት የሚቆረጥባት 157 ብር ከ50 ቀረላት። 5,000 የሚከፈለው ከ697 ብር ከ50 ወደ 500 ወረደለት፤ 197 ብር ከ50 ተረፈው። 30,000 የሚከፈለው ከ9,000 ወደ 8,450 ወረደለት፤ 550 ብር ተረፈው። በብር ካየነው ብዙ ያገኘው ከፍተኛ ደመወዝተኛው ነው። ከደመወዝ አንጻር ካየነው ግን ለመጀመሪያዋ 7.9 በመቶ፣ ለሁለተኛው 4 በመቶ ያህል፣ ለሦስተኛው 1.8 በመቶ ነው። ሁለቱም አነጋገር እውነት ነው። «ሀብታሙን ጠቀመ» የሚለው በብር ያወራል፤ «ድሃውን ጠቀመ» የሚለው በድርሻ ያወራል። እኔ ድርሻውን አስቀድማለሁ፤ 157 ብር ለሠራተኛዋ የብዙ ቀን የዳቦ ወጪ ሲሆን 550 ብር 30,000 ለሚያገኘው ሰው ኑሮ ላይ ለውጥ አያመጣም። ነገር ግን ማንም ስለ ግብር ለውጥ ሲነግራችሁ በብር ነው ወይስ በድርሻ የሚያወራው ብላችሁ መጠየቅ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን ክርክር ያጠራዋል።

ቫት፦ ደረሰኝ ላይ ያለውና ደረሰኝ ላይ የሌለው

ቫት ለሁሉም 15 በመቶ ስለሆነ ብዙዎች ተመጣጣኝ ይመስላቸዋል። ከወጪ አንጻር ተመጣጣኝ ነው፤ ከገቢ አንጻር ግን አይደለም፤ ምክንያቱም የሚጣለው በሚወጣ ገንዘብ ላይ እንጂ በሚቀመጥ ገንዘብ ላይ አይደለም።

ሁለቱን ሰዎቻችንን እንከተል። 5,000 የሚከፈለው ከግብር በኋላ 4,500 ብር ይተርፈዋል፤ ሁሉንም ያወጣዋል። ከዚህ ውስጥ 2,000 ብር በሳሙና፣ በሞባይል ካርድ፣ በጫማና በልብስ ላይ ወጣ እንበል። የቀረው ቫት የማይከፈልበት የቤት ኪራይና እህል ነው። በ2,000 ብር ውስጥ ያለው ቫት ስንት ነው? 300 ብር የሚል ብዙ ነው፤ ስህተት ነው። 2,000 ብሩ ቫቱን ጨምሮ የተከፈለ ዋጋ ስለሆነ የሚሰላው 15ን ለ115 በማካፈል ነው፤ ወደ 261 ብር ይመጣል። ይህ ከደመወዙ 5.2 በመቶ ነው። 30,000 የሚከፈለው ደግሞ 6,000 ብር ቫት ባለበት ዕቃ ላይ ቢያወጣ 783 ብር ያህል ቫት ይከፍላል። በብር ሦስት እጥፍ ከፈለ፤ ከደመወዙ ግን 2.6 በመቶ ብቻ ነው። የቀረውን ባንክ ያስቀምጣል፣ ለልጆቹ የግል ትምህርት ቤት ይከፍላል፤ የትምህርት አገልግሎት ደግሞ ከቫት ነፃ ነው። ሪግረሲቭ ማለት ይህ ነው።

እስካሁን ያልኩት በመማሪያ መጽሐፍ የምታገኙት ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ግን ነገሩ አንድ እርምጃ ይርቃል። 5,000 የሚከፈለው ሰው ሳሙናውን የሚገዛው ከትልቅ መደብር ነው ወይስ ሰኞ ገበያ ዳር ካለች ትንሽ ሱቅ? በአብዛኛው ከትንሿ ሱቅ ነው፤ እሷም ለቫት አልተመዘገበችም፣ ደረሰኝም አትሰጥም። ስለዚህ ቫት የሚከፍሉት በተመዘገበ ሱቅ የሚገዙት ደህና ገቢ ያላቸው ብቻ ናቸው የሚል መከራከሪያ አለ፤ ግማሽ እውነት አለው። ግማሹ እውነት ያልሆነው ባለሱቋ ዕቃውን ያመጣችው ከተመዘገበ አከፋፋይ ስለሆነ ነው። ለአከፋፋዩ 100 ብር ዋጋና 15 ብር ቫት ከፍላለች። የተመዘገበ ነጋዴ ቢሆን ያቺን 15 ብር ከሚያስገባው ቫት ላይ ያቀናንሳታል። እሷ አልተመዘገበችምና አታቀናንስም፤ 115 ብር የወጪ ዋጋዋ ሆነ። ትርፏን ጨምራ በ130 ብትሸጥ ገዢው 15 ብሯን ሳያያት ከፍሏታል። ነፃ የቀረው በእሷ 15 ብር ትርፍ ላይ ሊጨመር የሚችለው ጥቂት ብር ብቻ ነው። በሱቁ ዕቃ ላይ ያለው ጫና ከትልቁ መደብር ያነሰ ቢሆንም ዜሮ አይደለም። በቀጥታ ከገበሬው የሚገዛ ሽንኩርትና ድንች ላይ ግን እውነትም ቫት የለም።

ስለዚህ የቫትን ሪግረሲቭነት የሚያለዝበው ሁለት ነገር ነው፤ ከቫት ነፃ የሆነው የድሃ ቤት ዋና ወጪ፣ ማለትም እህልና የመኖሪያ ቤት ኪራይ፣ እና ከተመዘገበው ንግድ ውጭ የሚገዛው ምርት። መንግሥት የነፃ ዕቃዎችን ዝርዝር ሲያሳጥር ወይም ሲያስረዝም መታየት ያለበት ያ ዕቃ ከድሃ ቤት ወጪ ውስጥ ስንት ድርሻ አለው የሚለው ነው።

«ፍትሐዊ» ስንል ምን ማለታችን ነው?

እዚህ ድረስ ያየነው ማን ስንት እንደሚሸከም ነው። ያ በስሌት ይፈታል። የትኛው ፍትሐዊ ነው የሚለው ግን ስሌት ብቻውን አይፈታውም፤ በሰፈሩ ስብሰባ ላይ የተናገሩት ሦስቱ ሰዎች ሦስት የተለያየ ፍትሕ ነው የያዙት።

«እኩል እናዋጣ» ያለው ሰው መንገዱ የሁላችን ነው፣ በስብሰባውም ሁላችንም አንድ አንድ ድምፅ አለን፣ ስለዚህ ግዴታችንም እኩል ይሁን ነው የሚለው። የሚናቅ ሐሳብ አይደለም። ድሃ ሰውም ብዙ ጊዜ ይህንን ይመርጣል፣ ክብሩን ይጠብቅለታልና፤ «እኔም የድርሻዬን አዋጥቻለሁ» ለማለት ያስችለዋል። መጠኑ ትንሽ ሲሆን፣ እንደ ዕድር ወርሃዊ መዋጮ፣ ያስኬዳል። መጠኑ ሲተልቅ ግን 8 በመቶ የሚከፍለው ቤት የልጅ ደብተር ይቀንሳል፤ 1.3 በመቶ የሚከፍለው ምንም አይቀንስም።

«ያለው ይጨምር» ያለው የመክፈል አቅምን ነው የያዘው። የዚህ ሐሳብ መሠረት ሁለት ሰዎች እኩል ብር ቢያጡ እኩል አይጎዱም የሚለው ነው። ከመቶኛ በላይ ሄዶ ነፃ መነሻ የሚያስቀምጠውም ለዚህ ነው፤ ለምግብና ለመጠለያ የሚሆነው ብር እንደ ሌላው ብር አይታይም። አሥራት እዚህ ላይ ነው የሚወድቀው። ምርቱ ከዓመት ዓመት የማያደርሰው ገበሬም ጎተራው የሞላውም እኩል አንድ አሥረኛ ነበር የሚሰጡት።

«የሚጠቀምበት ይክፈል» ያለው ሦስተኛው ሰው የጥቅም መርህን ነው የያዘው። ጥቅሙ ሊለካ በሚችልበት ቦታ ይህ ጠንካራ ነው፤ የሚገዛ ነገርን ከሚጋራ ነገር ይለያል። የመንገድ ጥቅም ግን አስቸጋሪ ነው። መኪና ያለው ሰው በግልጽ ይጠቀማል፤ አምቡላንስ ቤቷ በር ድረስ የሚደርስላት ነፍሰ ጡርስ? የዳገቱ ጎርፍ ግቢዋ የማይገባባት አሮጊትስ? ጥቅሙን ለመለካት ስንነሳ ሌላ ክርክር እንከፍታለን።

ከነዚህ ጋር አንድ አራተኛ ነገር አለ፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ ሕዝብን የሚያስቆጣው እሱ ነው፤ በእኩል አቅም ላይ ያሉ ሁለት ሰዎች እኩል አለመክፈላቸው። 30,000 ብር የሚከፈለው የመንግሥት ወይም የባንክ ሠራተኛ 8,450 ብሩ ደመወዙ እጁ ሳይገባ ይቆረጣል። ጎረቤቱ ነጋዴ በእውነት 30,000 ያገኝና ግማሹን ብቻ ቢያስታውቅ አዋጁ ላይ የተጻፈው እርከን ምንም ያህል ያማረ ቢሆን ፍትሕ የለም። ፕሮግረሲቭ ግብር በሚታይ ገቢ ላይ ይጠነክራል፣ በማይታየው ላይ ይላላል። ገቢውን ለማሳየት የሚደረገው ሙከራም የራሱ አደጋ አለው። በ2009 ዓ.ም ክረምት የደረጃ ሐ ነጋዴዎች የቀን ገቢ ሲገመት ግምቱ ከአቅማችን በላይ ነው ያሉ ነጋዴዎች በየከተማው ሱቃቸውን ዘግተው ተቃወሙ። እርከኑን የጠላ አልነበረም፤ የተቃወሙት ገቢያቸው የተገመተበትን መንገድ ነው። ከዚያ በፊትም በ1960 ዓ.ም የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ አሥራትን ሲተካ፣ በወረቀት ላይ ከአሥራት የተሻለ ፍትሐዊ የነበረው ግብር ጎጃም ውስጥ አመፅ አስነሳ። ገበሬው ገቢን መገመት መሬትን ለመለካት፣ ከዚያም ርስቱን ለመውሰድ መንገድ መክፈቻ ነው ብሎ ጠረጠረ። አለካኩ ያልታመነ ግብር እርከኑ አያድነውም።

የትኛውን መቼ እንምረጥ?

ለሰፈሩ መንገድ የእኔ ምርጫ ሦስተኛው ነው፣ በአንድ ለውጥ። የጎረቤትን ገቢ በብር መጠየቅ ስለማይቻልና ቢቻልም ቂም ስለሚያተርፍ፣ በገቢ ፋንታ በግልጽ የሚታይ ነገር መያዝ ይሻላል፤ የግቢው ስፋት፣ መንገዱን የሚነካው የአጥር ርዝመት፣ ለንግድ የሚውል በር መኖር አለመኖሩ። እነዚህ ገቢን በትክክል አይለኩም። ሰፊ ግቢ የወረሰች ጡረተኛ በዚህ ልኬት ሀብታም ትመስላለች፤ ስለዚህ ሽማግሌዎች ለእንደዚህ ዓይነት ቤቶች የሚቀንሱበት ወይም ቀስ ብለው እንዲከፍሉ የሚያደርጉበት ቀዳዳ መተው አለበት። ቀዳዳው ግን በስብሰባ ፊት የሚነገር ይሁን፤ በጓዳ የሚደረግ ቅናሽ ያንን እኩል አቅም ያለው እኩል ይክፈል የሚለውን መርህ ያፈርሰዋል። በ2017 ዓ.ም የጸደቀው የንብረት ታክስ አዋጅም ሲተገበር የሚገጥመው ይኸው የጡረተኛዋ ችግር ነው፤ ቤት አላት፣ ጥሬ ገንዘብ የላትም።

ተከራይ ያለበት ግቢ ላይ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይጨመራል፤ በስም የሚከፍለው ማን ነው፣ በእርግጥ የሚሸከመውስ ማን ነው? በአከራይ ላይ የተጣለ ክፍያ አከራዩ ኪራይ ጨምሮ ወደ ተከራዩ ሊያሻግረው ይችላል። መቻል አለመቻሉ የሚወሰነው ተከራዩ ሌላ ቤት በቀላሉ ያገኛል ወይ በሚለው ነው። ኮምቦልቻ ላይ ፋብሪካዎች አጠገብ አንዲት ክፍል ቤት ለማግኘት ብዙ ሠራተኛ በሚሻማበት ጊዜ፣ በአከራይ ላይ የተጣለው አብዛኛው በሠራተኛው ላይ ይወድቃል። ባዶ ቤት በበዛበት ጊዜ ግን አከራዩ ራሱ ይውጠዋል። አንድ ግብር ሀብታም ላይ ተጣለ ስለተባለ ብቻ ፕሮግረሲቭ ነው ማለት አይቻልም።

ጥቅሙ በቆጣሪ ለሚለካ ነገር፣ ለውሃና ለመብራት፣ የሚጠቀም ይክፈል የሚለው ትክክለኛ መነሻ ነው። የመብራት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ የሚያድግበት የእርከን አሠራር አለው፤ ብዙ የሚጠቀመው ባለሀብት ነው በሚል ታሳቢ ፕሮግረሲቭ እንዲሆን የታሰበ ነው። አሁን አንድ ግቢ ውስጥ ስድስት ተከራይ ቤተሰብ በአንድ ቆጣሪ ሲጠቀሙ እንይ። እያንዳንዱ ቤተሰብ አንዲት አምፖልና አንድ ምድጃ ነው ያለው፤ ብቻውን ቢቆጠር በታችኛው እርከን ይቀር ነበር። ስድስቱ ሲደመሩ ግን ቆጣሪው ላይኛው እርከን ላይ ይደርሳል፤ ስድስት ድሃ ቤተሰቦች የሚከፍሉት የአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ዋጋ ለብቻው ቆጣሪ ያለው ደህና ኑሮ ያለው ሰው ከሚከፍለው ይበልጣል። ፕሮግረሲቭ ተብሎ የታሰበው ታሪፍ ሪግረሲቭ ሆኖ አረፈ። መድኃኒቱ ታሪፉን መጣል አይደለም፤ ለየቤተሰቡ ንዑስ ቆጣሪ ማስገባት፣ ወይም በአንድ ቆጣሪ ላይ ያሉትን ቤተሰቦች ቁጥር አስመዝግቦ እርከኑን በዚያ ልክ ማስፋት ነው። ንዑስ ቆጣሪ ሲገባ አከራዩ ተከራዩን ማስከፈል ያለበት ሙሉው ግቢ በደረሰበት እርከን ዋጋ ነው ወይስ ተከራዩ ብቻውን ቢሆን በሚደርሰው የሚለውን ቆጣሪው ከመግባቱ በፊት ተነጋገሩበት፤ ያለዚያ ቆጣሪው ፍጆታውን ይለያል እንጂ ዋጋውን አይለይም።

ለአገር ዓቀፍ ግብር አንዱን መርጦ ሌላውን መጣል አይቻልም። ከደመወዝ ብቻ የሚሰበሰብ ግብር የማይታየውን ገቢ ይስታል፤ ቫት ግን ያ ገቢ ሱቅ ገብቶ ሲወጣ ይይዘዋል፣ ገቢውን የደበቀውም ሰው ሲገዛ ይከፍላልና። ስለዚህ ቫት ሪግረሲቭ ነው ብሎ ማጥፋት ሳይሆን ሌላው ግብር ያንን እንዲያካክስ ማድረግ ነው የሚሻለው። የሁለቱ ሰዎቻችንን ግብርና ቫት ብንደምር 5,000 የሚከፈለው 10 በመቶና 5.2 በመቶ፣ በአንድ ላይ 15 በመቶ ያህል ይሸከማል፤ 30,000 የሚከፈለው 28 በመቶና 2.6 በመቶ፣ በአንድ ላይ 31 በመቶ ገደማ ይሸከማል። ድምሩ አሁንም ፕሮግረሲቭ ነው። ይህ የሚሠራው ግን ሙሉ ደመወዙ በሚታይ ሰው ላይ ነው፤ ደግሞም የ2,000 ብሩ ነፃ መነሻ ዋጋን ተከትሎ እስከተንቀሳቀሰ ድረስ ነው። እንደ 600 ብሩ ለዓመታት ከቆመ ልዩነቱ በየዓመቱ ይጠባል። አዋጁ ላይ መነሻውን በየሁለትና በየሦስት ዓመቱ ከዋጋ ንረት ጋር የሚያስተካክል አንቀጽ ቢኖር፣ የላይኛውን ልክ በአምስት በመቶ ከማሳደግ ይልቅ ለኮምቦልቻዋ ሰፊ የበለጠ ይጠቅማታል።